የውስጥ እግር ኪንታሮት ወይስ ኮርን? መለያቸውና ሕክምናቸው

በውስጥ እግር ላይ ወጥታ ስንራመድ እንደ ጠጠር የምትቆረቁር ትንሽ ክብ ደረቅ ነገር አብዛኛውን ጊዜ ከሁለቱ አንዷ ናት፤ ወይ ኪንታሮት ናት፣ ወይ ደግሞ ኮርን የምንለው፣ መሐሉ ላይ የጠጠረ እምብርት ያለው መጅ ነው። ሁለቱም ቆዳውን ያወፍራሉ፣ ሁለቱም ቢጫማ ወይም ግራጫ መልክ ይይዛሉ፣ ሁለቱም ሲረገጡ ያማሉ። በመነሻቸው ግን ፈጽሞ አይገናኙም። ኪንታሮት በቫይረስ የሚመጣ የቆዳ ኢንፌክሽን ሲሆን፣ ኮርን ደግሞ ጤነኛ ቆዳ ለበዛበት ጫናና ፍትጊያ የሚሰጠው ምላሽ ነው። ስለዚህም ለአንደኛው የሚበጀው ሕክምና ለሌላኛው ወይ ምንም አይፈይድም፣ ወይ ለጥቂት ሳምንት ብቻ የሚያስተነፍስ ይሆናል።

ስሕተቱን የሚያራዝመው ነገር መድኃኒቱ ራሱ ነው። ለሁለቱም ከመድኃኒት ቤት የሚሸጠው ሳሊሲሊክ አሲድ የወፈረ ቆዳን ሁሉ ያለ ልዩነት ይልጣል። ኮርን ያለበት ሰው የኪንታሮት መድኃኒት ሲቀባ ቆዳው ስለሚሳሳለት ሕመሙ ይቀንሳል፤ «ኪንታሮቴ እየለቀቀኝ ነው» ብሎም ደስ ይለዋል። መድኃኒቱን ባቆመ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ግን እዚያው ቦታ ላይ ተመልሶ ይወጣበታል። ኪንታሮት ያለበት ሰው በበኩሉ የኮርን ፕላስተር አንድ ሁለት ጊዜ ለጥፎ ላዩ ሲላጥለት ይተወዋል፤ ከሥር የቀረው ቫይረስ ያዘለ ቆዳም እንደገና ያድጋል። ገንዘብም ጊዜም የሚባክነው እዚህ ላይ ስለሆነ፣ ከሕክምናው በፊት በመለየቱ ላይ ረዘም አድርጎ መቆየት ያዋጣል።

ከቆዳው ሥር ያለው ልዩነት

ኪንታሮትን የሚያመጣው ሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ የሚባለው የቫይረስ ቤተሰብ ነው። ቤተሰቡ ከመቶ በላይ ዓይነቶች ያሉት ሲሆን፣ ውስጥ እግርን የሚያጠቁት ዓይነቶች የማኅፀን በር ካንሰርን ከሚያመጡት የተለዩ ናቸው፤ ይህን ሰምተው የሚደነግጡ ሰዎች ስላሉ መባል አለበት። ቫይረሱ የሚገባው በዓይን በማትታይ ጭረት ወይም ስንጥቅ በኩል ነው። በውኃ ርሶ የለሰለሰ ቆዳ ደግሞ በቀላሉ ስለሚጫጫር፣ የጋራ መታጠቢያ ቤቶች፣ የዩኒቨርሲቲ ማደሪያዎች ሻወር፣ የመዋኛ ገንዳ ዳርቻና በውሰት የሚዞር ነጠላ ጫማ ዋነኛ መተላለፊያዎቹ ናቸው። ጫማ አውልቆ በደረቅ ወለል ወይም ምንጣፍ ላይ መቆም ከእነዚህ ጋር የሚወዳደር ሥጋት የለውም። ቫይረሱ ከገባ በኋላ ኪንታሮቱ እስኪታይ ከሳምንታት እስከ ብዙ ወራት ሊወስድ ስለሚችል፣ ብዙ ሰው ከየት እንደያዘው ማስታወስ አይችልም።

ኪንታሮት «እስከ አጥንት የሚደርስ ሥር አለው» የሚለው አባባል እውነት አይደለም። የሚኖረው በላይኛው የቆዳ ሽፋን ውስጥ ብቻ ነው። በሰውነት ክብደት ተጭኖ ወደ ውስጥ ስለሚገፋ ጥልቅ ይመስላል እንጂ ከዚያ ሽፋን አያልፍም። በውስጡ ግን ከታች ወደ ላይ የተሳቡ ጥቃቅን የደም ሥሮች አሉ፤ እነዚህ በመረገጥ ብዛት ሲደፈኑና ደማቸው ሲረጋ እንደ ነጥብ የጠቆሩ ምልክቶች ሆነው ይታያሉ። የኪንታሮት ትልቁ መታወቂያ ይህ ነው።

ኮርን ውስጥ ቫይረስም የደም ሥርም የለም። በአጥንትና በጫማ፣ ወይም በአጥንትና በወለል መካከል የተጨመቀ ቆዳ ራሱን ለመከላከል የሞተ ቆዳ ይደራርባል። ጫናው በሰፊ ቦታ ላይ ሲሆን ጠርዙ በውል የማይታወቅ ተራ መጅ ይወጣል፤ ጫናው በአንዲት ነጥብ ላይ ሲያርፍ ደግሞ የሞተው ቆዳ ወደ ውስጥ እየሾለ እምብርት ይሠራል። የሚያሳምመውም ይህ የሾለው ጫፍ ከሥሩ ያለውን ሕያው ቆዳ ሲወጋው ነው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ከአንዱ እግር ወደ ሌላውም አይዛመትም። በሁለቱም እግር ከታየ ሁለቱም እግሮች አንድ ዓይነት ጫና ስላለባቸው ብቻ ነው።

ቤት ውስጥ እንዴት ይለያል?

በመጀመሪያ የወጣበትን ቦታ ማየት ነው። ኮርን የሚወጣው አጥንት በሚጫንበት ቦታ ብቻ ነው። ውስጥ እግር ላይ ይህ ማለት በዋናነት ከእግር ጣቶች ሥር ያለው የፊተኛው ጉብታ፣ በተለይም ከአውራ ጣት፣ ከሁለተኛው ጣትና ከትንሿ ጣት ሥር፣ አንዳንዴም የተረከዝ ዳር ነው። ኪንታሮትም እነዚህ ቦታዎች ላይ ሊወጣ ይችላል፤ ነገር ግን መሬት በማይነካው ጎድጓዳው የእግር መሐል ላይ ከወጣ ኮርን የመሆን ዕድሉ እጅግ አነስተኛ ነው። ቁጥሩም ይረዳል። ከትልቋ ዙሪያ ሌሎች ትንንሾች ከታዩ፣ ወይም ብዙዎች ተገጣጥመው አንድ ሰፊ ሻካራ ቦታ ከሠሩ ኪንታሮት ነው ብሎ ማሰብ ይገባል። አንድ ማሳሳቻ አለ፦ እንደ ጤፍ ፍሬ የደቀቁ፣ ብዙ ሆነው ተበታትነው የሚወጡ የኮርን ዓይነቶችም አሉ። እነዚህ ብዙውን ጊዜ በደረቀና በተሰነጣጠቀ ተረከዝ ላይ ይገኛሉ፤ ጥቁር ነጥብ ግን የላቸውም።

ሁለተኛው የሕመሙ ዓይነት ነው። ጠንካራውን ቦታ በአውራ ጣት ቀጥ አድርጎ ወደ ውስጥ መጫን፣ ከዚያም በሁለት ጣት ከግራና ከቀኝ ይዞ መቆንጠጥ ነው። ሲጫኑት ይበልጥ ካመመ ወደ ኮርን ያመዝናል፤ ሲቆነጥጡት ይበልጥ ካመመ ወደ ኪንታሮት ያመዝናል። ይህ ዘዴ በብዙ ቦታ ተጽፎ ይገኛል፤ እኔ ግን ለብቻው እንዲፈርድ አልመክርም። ክብደት በሚያርፍበት ቦታ ላይ የወጣ ኪንታሮት በላዩ መጅ ስለሚደርብ ሲጫኑትም ያማል፤ ገና አዲስ የሆነ ኪንታሮት ደግሞ በየትኛውም መንገድ ላያም ይችላል።

ሦስተኛው፣ ከሁሉም የሚሻለው፣ ላዩን ከሞረዱ በኋላ ከሥር የሚታየውን ማየት ነው። አሠራሩ ይህን ይመስላል፦ እግሩን ለ10 ደቂቃ ያህል ለብ ባለ ውኃ መዘፍዘፍ፣ በደንብ ማድረቅ፣ ከዚያም ተጠቅመው በሚጥሉት የጥፍር ሞረድ የወፈረውን ደረቅ ቆዳ ቀስ እያሉ ማሳሳት። ሕመም ከተሰማ ወይም ቆዳው ከቀላ ማቆም ነው። ከዚያ በጥሩ ብርሃን፣ ቢቻል በስልክ ካሜራ አጉልቶ ማየት።

ከሥር የሚታየው ጥቁር፣ ቡናማ ወይም ቀይ ነጥቦች የተበተኑበት ሻካራ ሥጋ ከሆነና ትንሽ ሲሞረድ በነጥብ በነጥብ ከደማ ኪንታሮት ነው። የጠራ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ የሚመስል፣ ጥርት ያለ ጠርዝ ያለው ጠንካራ እምብርት ከታየና ምንም ነጥብ ከሌለው ኮርን ነው። እምብርትም ነጥብም ሳይኖር ወጥ የሆነ ቢጫማ ውፍረት ብቻ ከሆነ ደግሞ ተራ መጅ ነው። በጥቁር ቆዳ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ብዙዎቻችን ውስጥ እግራችን ላይ ከልጅነት ጀምሮ ወይም ከዕድሜ ጋር የሚመጡ ቡናማ ቦታዎች ስላሉን፣ ቀለሙ ብቻ ሳይሆን ነጥብ ነጥብ መሆኑና ከወፈረው ቆዳ ውስጥ መገኘቱ መታየት አለበት።

በዚሁ ጊዜ የቆዳውን መስመሮችም መመልከት ጥሩ ነው። እንደ ጣት አሻራ ሁሉ ውስጥ እግርም ጥቃቅን መስመሮች አሉት። ኪንታሮት ያለበት ቦታ ላይ መስመሮቹ ይቋረጣሉ፣ በዳሩ ዞረው ያልፋሉ፤ በመጅ ላይ ግን ሳይቋረጡ ይቀጥላሉ። የኮርን እምብርት ላይ መስመሮቹ ደብዝዘው ሊጠፉ ስለሚችሉ፣ ይህ ምልክት ኪንታሮትን ከመጅ ለመለየት እንጂ ከኮርን ለመለየት ብቻውን አይበቃም። የመስመሮቹ ትልቅ ጥቅም ወደ ኋላ፣ ኪንታሮቱ መዳኑን ስናረጋግጥ ይመጣል።

እግር በባዶው በሚኬድበት አካባቢ ሦስተኛ ተጠርጣሪ አለ፤ ሙጀሌ። ሙጀሌም መሐሉ ላይ ጥቁር ነጥብ ያላት እብጠት ናት። ነገር ግን ነጥቧ አንድ ብቻ ናት፣ ዙሪያዋ ነጣ ይላል፣ በቀናት ውስጥ ታድጋለች፣ ታሳክካለች፤ አብዛኛውን ጊዜም በጥፍር ዙሪያና በጣቶች አጠገብ ነው የምትገኘው። ኪንታሮት የሚያድገው በሳምንታትና በወራት ነው።

አንድ ምሳሌ

ቀኑን ሙሉ ቆማ የምትሠራ የ42 ዓመት የሆቴል አስተናጋጅ እንውሰድ። በቀኝ እግሯ ከሁለተኛው ጣት ሥር አንዲት የምስር ፍሬ የምታህል ጠንካራ ነገር ወጥታባታለች። ጎረቤቷ ኪንታሮት ነው ስላለቻት ከውጭ አገር ዘመድ የላከላትን 40 በመቶ የሳሊሲሊክ አሲድ ፕላስተር ለሁለት ወር ስትለጥፍ ቆይታለች። በለጠፈች ቁጥር ነጭ የሞተ ቆዳ ይነሣላታል፣ ለሳምንት ያህል ይሻላታል፣ ከዚያ ይመለሳል። አሁን ዙሪያው ያለው ጤነኛ ቆዳም ተልጦ ማቃጠል ጀምሯል።

እዚህ ላይ መልሱን የሚጠቁሙ ነገሮች ብዙ ናቸው። አንዲት ብቻ ናት፤ በሁለት ወር ውስጥ አልተራባችም። የወጣችው አጥንት በሚጫንበት ቦታ ላይ ነው። የበዓል ሰሞን ሥራ አቁማ ቤት ስትውል ሕመሙ ያለ መድኃኒት ቀንሷል፤ ይህ የኪንታሮት ጠባይ አይደለም። ቆዳዋ እስኪያገግም ለአንድ ሳምንት መድኃኒቱን አቁማ በሞረድ ስታሳሳው ጥቁር ነጥብ የለም፣ ደም የለም፤ መሐሉ ላይ ጥርት ያለ ክብ እምብርት ይታያል። የሥራ ጫማዋ ውስጥ እጅ ሲገባ ደግሞ ከሁለተኛው ጣት ሥር ያለው የውስጥ ሶል አልቆ ጎድጉዷል፤ ከሥሩ ያለው ጠንካራው የጫማ መሠረት በጣት ይዳሰሳል። በሁለት ወር ውስጥ ያልተነካው ነገር ይህ ነው። አሲዱ የሠራው የጫማውን ውጤት በየሳምንቱ መላጥ ብቻ ነበር።

ኪንታሮት ከሆነ

የመጀመሪያው አማራጭ ምንም አለማድረግ ነው፤ ይህም እንደ ስንፍና መቆጠር የለበትም። በልጆች ላይ ከወጡት ኪንታሮቶች ግማሽ ያህሉ በአንድ ዓመት፣ ሁለት ሦስተኛው ያህሉ ደግሞ በሁለት ዓመት ውስጥ የሰውነት መከላከያ ቫይረሱን ሲያውቀው በራሳቸው ይጠፋሉ። የማያመውና የማይበዛ ከሆነ፣ በተለይ ለልጅ፣ ከሚያሳምም ሕክምና መጠበቅ ይሻላል። በዐዋቂ ላይ ግን መጥፋቱ ይዘገያል፤ ስለዚህ የሚያም፣ የሚዛመት ወይም አካሄድን የሚያበላሽ ከሆነ ማከም ተገቢ ነው።

ቀጥሎ ሳሊሲሊክ አሲድ ይመጣል። ፈሳሹ ብዙውን ጊዜ 17 በመቶ፣ ፕላስተሩ 40 በመቶ ሆኖ ይገኛል። ፈሳሹን የሚጠቀም ሰው ማታ ማታ እግሩን ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ለብ ባለ ውኃ ይዘፈዝፋል፣ ያደርቃል፣ በቀደመው ቀን የነጣውን የሞተ ቆዳ በሞረድ ያነሣል፣ በዙሪያው ያለውን ጤነኛ ቆዳ ቫዝሊን ይቀባል፣ ከዚያ ጠብታውን ኪንታሮቱ ላይ ብቻ አድርጎ ሲደርቅ በፕላስተር ይሸፍነዋል። ባለ 40 በመቶውን ፕላስተር የሚጠቀም ደግሞ በኪንታሮቱ ልክ ቆርጦ ይለጥፍና በ48 ሰዓቱ ያነሣዋል፣ ይሞርዳል፣ አዲስ ይለጥፋል። ሥጋው ቀልቶ ካመመ ለጥቂት ቀናት ማቋረጥና እንደገና መጀመር ነው። ሞረዱ ለኪንታሮቱ ብቻ መዋል አለበት፤ በዚያው ጤነኛውን ተረከዝ መፋቅ ቫይረሱን በገዛ እጅ መዝራት ነው። ፎጣም ለብቻ ይሁን።

ይህ ሥራ እስከ 12 ሳምንት ሊወስድ ይችላል፤ አብዛኛው ሰው የሚሸነፈውም በዚህ ርዝመት ነው። ላዩ ሲስተካከል ዳነ ብሎ በአራተኛው ሳምንት ያቆማል። መዳኑን የሚያረጋግጠው ሕመሙ መጥፋቱ አይደለም። ጥቁር ነጥቦቹ ሙሉ በሙሉ ጠፍተው፣ የተቋረጡት የቆዳ መስመሮች በቦታው ላይ ተመልሰው ሲያልፉ ነው። አንዲት ነጥብ ከቀረች ሥራው አላለቀም።

ሦስተኛው በክሊኒክ የሚሰጠው የማቀዝቀዝ ሕክምና ነው። ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚሆን ፈሳሽ ናይትሮጂን ኪንታሮቱ ላይ ለሰኮንዶች ይደረግና ቆዳው ይሞታል፤ በየሁለትና ሦስት ሳምንቱ ይደገማል። ያማል፣ ውኃ ይቋጥራል፣ በእግር ለሚሠራ ሰው ለጥቂት ቀናት ያስነክሳል፤ በጥቁር ቆዳ ላይም የነጣ ቦታ ሊተው ይችላል። ውድ ስለሆነና ሐኪም ስለሚሠራው ብቻ ከአሲዱ የሚበልጥ ይመስለናል። በብሪታንያና በአየርላንድ 240 ሰዎች የተሳተፉበትና በ2011 የታተመ ጥናት ግን ሁለቱን በውስጥ እግር ኪንታሮት ላይ አወዳድሮ፣ በ12 ሳምንት ሙሉ በሙሉ የዳኑት በሁለቱም ወገን 14 በመቶ ብቻ ሆነው አግኝቷቸዋል። ቁጥሩ ዝቅተኛ መሆኑ የውስጥ እግር ኪንታሮት ምን ያህል እልኸኛ እንደሆነ ያሳያል። ከዚህ ተነሥቼ የምመርጠው ግልጽ ነው፦ በርካሹና በቤት በሚሠራው አሲድ መጀመር፣ በሦስት ወር ለውጥ ካልመጣ ወደ ቆዳ ሐኪም መሄድ። ሐኪሙ ማቀዝቀዝን ከአሲድ ጋር ሊያጣምር፣ ወይም ኪንታሮቱ ውስጥ የሚወጋ መድኃኒት ሊመርጥ ይችላል። ቆርጦ ማውጣትን ግን ብዙ ሐኪሞች ይሸሹታል፤ ኪንታሮቱ ሊመለስ ይችላል፣ በውስጥ እግር ላይ የሚቀረው ጠባሳ ደግሞ ዕድሜ ልክ ሲረገጥ የሚያም ሊሆን ይችላል።

የቁልቋልና የቅንጭብ ወተት በአገራችን ለኪንታሮት ሲቀባ የኖረ ነው። የሚያቃጥል ፈሳሽ ስለሆነ ቆዳ መላጡ እውነት ነው፤ ነገር ግን መጠኑን መቆጣጠር አይቻልም፣ ጤነኛውን ቆዳ ያቆስላል፣ በእጅ ተነክቶ ዓይን ውስጥ ከገባ ደግሞ ዓይንን ክፉኛ ይጎዳል። ተፈጭቶ የሚታሰር ነጭ ሽንኩርትም ቆዳ የሚያቃጥልበት ጊዜ አለ። 17 በመቶው አሲድ ቢያንስ ጥንካሬው የታወቀ ነው።

ኮርን ከሆነ

እዚህ ሥራው ሁለት ነው፤ የተጠራቀመውን ማንሣትና ጫናውን ማራቅ። የመጀመሪያው ዛሬ እፎይታ ይሰጣል፤ ሁለተኛው ካልተደረገ ግን በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል።

ለማንሣቱ፣ ከዝፍዘፋ በኋላ በእግር መፋቂያ ድንጋይ ወይም በሞረድ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ማሳሳት፣ ማታ ደግሞ ዩሪያ ያለበት ቅባት መቀባት በቂ የሚሆንላቸው ብዙ ናቸው። ለእርሻ የሚበተነውን ዩሪያ ማለቴ አይደለም፤ ከመድኃኒት ቤት በ20 ወይም በ25 በመቶ መጠን የተዘጋጀ የቆዳ ቅባት ነው። እምብርቱ ጠልቆ ከሆነ በሠለጠነ ባለሙያ በንጹሕ ስለት ተቀርፎ ይወጣል። ይህ ጥቂት ደቂቃ የሚወስድና በደንብ ከተሠራ ደም የማይፈስበት ሥራ ሲሆን፣ ታካሚው አብዛኛውን ጊዜ ከወንበሩ ተነሥቶ ሲረግጥ ልዩነቱን ያውቀዋል። በቤት ውስጥ በምላጭ መቁረጥ ግን መቅረት አለበት። ምላጩ ከኮርኑ አልፎ ሥጋ ይነካል፣ ኢንፌክሽን ይጋብዛል፣ በጋራ ከዋለም በደም የሚተላለፉ በሽታዎችን ያስተላልፋል፤ ቆርጠነው ኪንታሮት ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ቫይረሱን በቁስሉ ዙሪያ እናዛምተዋለን።

የሳሊሲሊክ አሲድ የኮርን ፕላስተር ስሜቱ ጤነኛ በሆነ እግር ላይ እምብርቱን ለማለስለስ ያገለግላል፤ ጫማው ካልተለወጠ ግን ከላይ ያየናት አስተናጋጅ ዕጣ ነው የሚገጥመን። ስለዚህ ጫማውን መመርመር ያስፈልጋል። ባዶ እግር በወረቀት ላይ ቆሞ ዙሪያውን በእርሳስ ማስመር፣ ከዚያ ጫማውን በሥዕሉ ላይ ማስቀመጥ ነው፤ የእግሩ መስመር ከጫማው ጎን ከወጣ ጫማው ጠባብ ነው። ከረጅሟ ጣት ፊት አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ቦታ መኖር አለበት። ተረከዙ ከፍ ያለ ጫማ ክብደቱን ሁሉ ወደ ፊተኛው የእግር ክፍል ስለሚያወርድ፣ ከጣት ሥር ኮርን ያለባት ሴት ሕመሙ እያለ ብትተወው ይሻላታል። ሶሉ ስስ የሆነ ባሌሪና ጫማም ዝቅ ስላለ ብቻ ደኅና ነው ማለት አይደለም።

ቀጥሎ መደገፊያው ነው፤ እዚህ ላይ የሚፈጸም የተለመደ ስሕተት አለ። ብዙ ሰው ለስላሳውን ስፖንጅ ወይም ጨርቅ ልክ በኮርኑ ላይ ያስቀምጠዋል፤ ያ ግን በዚያው ነጥብ ላይ ውፍረት ስለሚጨምር ጫናውን ያባብሰዋል። ትክክለኛው ቦታ ከኮርኑ ትንሽ ወደ ኋላ፣ ወደ ተረከዝ በኩል ነው፤ እዚያ ሲቀመጥ ክብደቱን ቀድሞ ይቀበልና ሕመም ያለበትን አጥንት ከወለሉ ያነሣዋል። ቦታውን በትክክል ለማግኘት ኮርኑ ላይ ትንሽ ሊፕስቲክ መቀባትና በባዶ እግር ጫማውን አጥልቆ ጥቂት እርምጃ መሄድ ነው። ሊፕስቲኩ ውስጥ ሶሉ ላይ ምልክት ይተዋል፤ የመደገፊያው የፊት ጠርዝ ከምልክቱ ጀርባ ማረፍ አለበት። በኮርኑ ዙሪያ የሚያርፍ፣ መሐሉ ክፍት የሆነ ቀለበት መሰል መደገፊያም ይረዳል። የአስተናጋጇ ጉዳይ የሚያልቀውም በዚህ መንገድ ነው፦ ያለቀውን ውስጥ ሶል መቀየር፣ ከምልክቱ ኋላ መደገፊያ ማድረግ፣ እምብርቱን አንድ ጊዜ ማስቀረፍና ከዚያ በሳምንት ሁለት ጊዜ መሞረድ። በስድስት ሳምንት ውስጥ ካልተሻላት የጣቷ አጥንት አቀማመጥ መታየት ይኖርበታል።

በቤት የማይነካ እግር

ስኳር በሽታ ያለበት ሰው፣ የእግር ስሜቱ የደነዘዘ ወይም የደም ዝውውሩ የደከመ ሰው ከላይ ከተጻፈው ውስጥ አሲዱንም ሞረዱንም መተው አለበት። ሕመም የማይሰማው እግር አሲድ ሲያቃጥለውም አያውቅም። በእንዲህ ያለ እግር ላይ መጅ ራሱ አደገኛ ነው፤ ከሥሩ ቁስል ይደብቃል፣ በውስጡ የጠቆረ የደም ምልክት ከታየም ቁስሉ እየተከፈተ መሆኑን ያመለክታል። የሥጋ ደዌ ታክመው ድንዛዜው የቀረባቸው ሰዎችም በዚህ ውስጥ ይገባሉ። አዲስ አበባ ያለው አለርት ሆስፒታል የተቋቋመው ከሥጋ ደዌ ሕክምና ጋር ተያይዞ ስለሆነ፣ የደነዘዘ እግር እንክብካቤም ሆነ የቆዳ ሕክምና ለእርሱ የቆየ ሥራ ነው። ኤችአይቪ ያለበት ወይም የሰውነት መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ ኪንታሮቱ ሊበዛበትና ሊያስቸግረው ስለሚችል ከሐኪሙ ጋር ቢመክር ይሻላል።

ከሁሉም በላይ ሊዘነጋ የማይገባው፣ ኪንታሮትም ኮርንም ያልሆነ ነገር መኖሩ ነው። ሜላኖማ የተባለው የቆዳ ካንሰር በጥቁር ሕዝቦች ላይ ሲወጣ አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው በውስጥ እግር፣ በመዳፍ ወይም በጥፍር ሥር ነው፤ ቦብ ማርሊን በ1981 የገደለውም ከእግሩ አውራ ጣት ጥፍር ሥር የተነሣ ሜላኖማ ነበር። እየሰፋ የሚሄድ፣ ጠርዙ ያልተስተካከለ፣ ቀለሙ የተዘበራረቀ ጥቁር ቦታ፣ ሳይሞረድ የሚደማ እብጠት ወይም የማይድን ቁስል ከታየ ምንም ሳይቀቡበት የቆዳ ሐኪም ዘንድ መሄድ ይገባል። ሦስት ወር ሙሉ በአግባቡ ታክሞ ያልተለወጠ «ኪንታሮት»ም እንዲሁ ነው፤ ሐኪሙ ከቆዳው ትንሽ ናሙና ወስዶ ሊያስመረምር ይችላል። ሲሄዱ የተጠቀሙበትን መድኃኒት ማሸጊያና አዘውትረው የሚጫሙትን ጫማ ይዘው ይሂዱ።